የአንድን ሸሚዝ ቀለም ብቻ ለመቀየር፦ ፎቶሾፕ፣ ጂምፕ ወይስ ፎቶፒያ?

ልብስ በቴሌግራም የሚሸጡ ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አንድ ነው፦ ቀዩን ሸሚዝ አንድ ጊዜ ፎቶ አንስተን፣ የለበሰችው ልጅ ፊትም ሆነ ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ሳይነካ አረንጓዴውን ከዚያው ፎቶ ለማውጣት የትኛውን ፕሮግራም እንያዝ? መልሴ ፎቶፒያ ነው፤ ምክንያቴም ከዋጋ ይጀምራል።

ፎቶሾፕን ለብቻው በዓመት ውል፣ በየወሩ እየከፈሉ ለመጠቀም በወር 23 ዶላር ገደማ ያስወጣል። ዶላሩን በ100 ብር ብቻ እንኳ ብናሰላው በወር 2,300 ብር ይሆናል፤ የባንክ ምንዛሪው ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ከ14 ቀን በኋላ ውሉን ላቋርጥ ያለ ሰው ከቀሪው ክፍያ ግማሹን ይጠየቃል። ብዙዎቻችን በዶላር የሚከፍል ካርድ ስለሌለን ወደ ክራክ እንሄዳለን፤ እኔም ሄጃለሁ። በ500 ብር በፍላሽ ያስጫንኩት ፎቶሾፕ ቫይረስ ይዞ ስለመጣ፣ በሁለተኛው ሳምንት ፎልደሮቼ በሙሉ ወደ ሾርትከት ተለወጡ። ኮምፒውተሩን ፎርማት ለማስደረግ 1,200 ብር ከፈልኩ፤ የ40 ሸሚዞች ፎቶም አብሮ ጠፋ።

ጂምፕና ፎቶፒያ ግን በነጻ ይገኛሉ። ፎቶፒያ በብሮውዘር ስለሚከፈት የሚጫን ነገር የለውም፤ ፎቶውም ከራስ ኮምፒውተር አይወጣም፤ የሚያስከፍለው በጎን የሚታየውን ማስታወቂያ መታገሥ ብቻ ነው።

ሥራው በፎቶፒያ እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ጠይም ልጅ ደረቱ ላይ ነጭ ሎጎ ያለበት ቀይ ሸሚዝ ለብሳለች እንበል። አብዛኛው ሰው Hue/Saturation ከፍቶ Reds የሚለውን ይመርጥና Hue የሚለውን ይጎትታል። ሸሚዙ አረንጓዴ ይሆናል፤ ነገር ግን የጠይም ቆዳ ቀለም በቀይና በቢጫ መካከል ስለሆነ ከንፈሯና ጉንጯም አብረው ይለወጣሉ። ስለዚህ በቀለም ከመለየት በፊት በቦታ መለየት ያስፈልጋል። በ Quick Selection ሸሚዙን ብቻ እመርጥና ከ Layer ሜኑ New Fill Layer፣ ቀጥሎም Color Fill ብዬ አረንጓዴውን እሰጠዋለሁ። ምርጫው ራሱ የሌየሩ ማስክ፣ ማለትም ቀለሙ የት እንደሚታይና የት እንደሚደበቅ የሚወስን ሽፋን ይሆናል። የሌየሩን ሁኔታ፣ ማለትም ከሥሩ ካለው ፎቶ ጋር የሚዋሃድበትን Blend Mode ወደ Color ስቀይረው የጨርቁ እጥፋትና ጥላ እንዳለ ይቀራል። ሎጎው አረንጓዴ ቢመስል ማስኩ ላይ በጥቁር ብሩሽ እቀባዋለሁ፤ ነጭነቱም ይመለሳል።

ከዚያ ወደ 200% አጉልቼ የአንገቱን ጠርዝ እመለከታለሁ። ቀይ ክር የመሰለ መስመር ከታየ ማስኩ ጠቧል ማለት ስለሆነ፣ አንድ ፒክስል አሰፋዋለሁ፤ አረንጓዴው አንገቷ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ አጠበዋለሁ። በጄፔግ ፎቶ ላይ ይህ ይብሳል፤ ምክንያቱም ጄፔግ አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙን ከብርሃኑ ባነሰ ጥራት ስለሚይዝ፣ የሸሚዙ ቅላት ጥቂት ፒክስል ወደ ቆዳው ይዘልቃል። በቴሌግራም ሲላኩም ፎቶዎች ስለሚጨመቁ፣ ጓደኞቼ ፎቶውን እንደ ፋይል እንዲልኩልኝ ሁልጊዜ እለምናለሁ።

ሌላው ነገር እንዳልተነካ ማረጋገጫውም ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ፎቶ ቅጂ ከሁሉም በላይ አስቀምጬ ሁኔታውን Difference አደርገዋለሁ፤ ያልተለወጠው ሁሉ ድፍን ጥቁር ይሆናል፣ ሸሚዙ ብቻ ያበራል። ፊቷ ላይ ትንሽ ብልጭታ ካየሁ ማስኩ ፈስሷል ማለት ነው።

ቀዩን ወደ ቢጫ መቀየር ግን ይከብዳል። Color የድሮውን ብርሃን ስለሚጠብቅና ቀይ ከቢጫ የጠቆረ ስለሆነ፣ የሚወጣው ቢጫ ሳይሆን የሰናፍጭ ቡኒ ነው፤ በዚያው ማስክ Curves ጨምሮ ማብራት ያስፈልጋል። ነጭ ሸሚዝ ደግሞ በ Color ቀለም አይቀበልም፤ በ Multiply ይቀባል።

ጂምፕም ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ያለ ኢንተርኔት በመሥራቱም ይበልጣል። ነገር ግን በ2025 ከወጣው 3.0 በፊት በነበሩት እትሞቹ የ Hue ለውጡ በቀጥታ ሌየሩ ላይ ስለሚታተም፣ ደንበኛ «ትንሽ ይድመቅ» ሲል ከመጀመሪያው መነሣት ግድ ነበር። አሮጌ እትም የያዘ ሰው ሌየሩን ሳያባዛ እንዳይጀምር እመክራለሁ። ፎቶሾፕን የምመክረው ክፍያውን ድርጅቱ ለሚሸፍንለት የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ብቻ ነው። ፎቶፒያ 4 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ትልልቅ ፎቶዎች ሲደራረቡበት ይዝላል፤ የብሮውዘሩ ታብ ከተዘጋም ያልተቀመጠው ሥራ ይጠፋል፤ በየአሥር ደቂቃው ከ File ሜኑ Save as PSD ብሎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።