«ራሱ ያስተካክላል» የተባለልኝ ሪፍራክቶሜትር፣ ከስምንት ወር በኋላ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። የምኖረው ድሬዳዋ ነው፣ ለዘመድ ወዳጅ ጠጅ እጥላለሁ። የብርዙን የስኳር መጠን ለማወቅ ስል ይህን መሣሪያ ገዛሁ። ሻጩ «ሙቀቱን ራሱ ያስተካክላል፣ አንቺ ምንም አታስቢ» አለኝ። አመንኩት።

እስከ ሚያዝያ እንከን አልወጣለትም። አንድ ጠብታ አድርጎ፣ ክዳኑን ከድኖ፣ ወደ ብርሃን ማየት ነው፤ አለቀ።

ግንቦት ላይ ከሰዓት የለካሁት ብርዝ ጠዋት ከለካሁት ጋር አልገጥም አለ። ማሩ ያው፣ ባልዲው ያው። የባትሪ ውሃ ገዝቼ ፈተንኩት፤ ንጹህ ውሃ ዜሮ ላይ መቆም አለበት። ጠዋት በ23 ዲግሪ ቆመ። ከሰዓት ክፍሉ 35 ሲደርስ ከዜሮ በታች ወረደ። መመሪያውን ያነበብኩት ያኔ ነው። በደቃቅ ፊደል «ከ10 እስከ 30 ዲግሪ» ይላል! ውስጡ ሲሞቅ የሚተጣጠፍ ብረት አለ፣ ንባቡን የሚያስተካክለው እሱ ነው። ከ30 በላይ ኃላፊነት አይወስድም። ወንድሜ፣ ድሬዳዋ ላይ ቆመህ እየሸጥክ 30 ዲግሪ?

ነገሩን ያባስኩት ግን እኔው ነኝ። «ተዛብቷል» ብዬ በዚያው ሙቀት ብሎኗን አዙሬ ዜሮ ላይ አስቆምኩት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ከእውነቱ በላይ ያነብልኝ ጀመር። ማር የበቃ መስሎኝ ቀነስኩ። አማቴ ቀምሰው «ልጄ፣ ይሄ እኮ ገና ብርዝ ነው» አሉኝ።

አሁን የምለካው በድሮዋ የመስታወት ሃይድሮሜትር ነው፤ ብርዙ ውስጥ ተንሳፍፋ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ታሳያለች። እሷ ራሴን አስተካክላለሁ ብላ አትፎክርም፤ ወረቀቷ ላይ «20 ዲግሪ» ብላ ጽፋ ቁጭ ብላለች። ብርዝ ሲሞቅ ይሳሳል፣ መስታወቱ ጠልቆ ይገባል፣ ቁጥሩም ዝቅ ይላል። ባለፈው በ40 ዲግሪ 1.085 አሳየችኝ። ለዚያ ሙቀት 0.007 ገደማ ይጨመራል፣ ስለዚህ 1.092። ሳላስተካክል ብቀር ብሪክሱ፣ ማለትም ከመቶው ስኳሩ ስንት እንደሆነ፣ 20 ተኩል ያህል ይመስለኝ ነበር፤ ትክክለኛው ግን 22 ነው። ላረጋግጥ ብዬ ናሙናውን በረዶ ውስጥ አስቀምጬ 20 ሲደርስ ለካሁት። 1.092! በ30 ዲግሪ ከሆነ ግን የሚጨመረው 0.003 ገደማ ብቻ ነው።

ሪፍራክቶሜትሩን አልጣልኩትም። ዜሮውን ውሃውንም መሣሪያውንም ወደ 20 አብርጄ አስተካከልኩት። ጠብታዋን ከከደንኩ በኋላ ግማሽ ደቂቃ እታገሳለሁ፣ ትኩስ ብርዝ የመስታወቱን ሙቀት እስኪይዝ። ጠጁ መፍላት ከጀመረ ግን አልነካውም፤ አልኮሉ ንባቡን ያዛባዋል።

እህቴ አዲስ አበባ ያንኑ ገዝታ ስታመሰግነው አትጠግብም። ምን ቸገራት፣ ቤቷ ከ20 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። የኔንም ለሷ ልልክላት ነው።