ሹሩባ በቨርጂኒያ፦ ፀጉር ቤት ውስጥ ወንበር ተከራይቶ ወይስ ቤት ለቤት?

መጀመሪያ የፈቃዱ ነገር። ቨርጂኒያ ውስጥ ሹሩባ ብቻ ለምትሠራ የሙያ ፈቃድ ግዴታ በ2012 (በፈረንጆቹ) ቀርቷል። የንግድ ምዝገባና ግብር ግን አይቀርም። መቀስ ካነሳሽ፣ ቀለም ከቀባሽ ወይም ፀጉር በኬሚካል ካለሰለስሽ ደግሞ ፈቃድ ያስፈልግሻል። ብዙዎች የሚሳሳቱት "ጫፉን ትንሽ ቁረጪልኝ" ሲባሉ ነው።

ወጪ
ወንበር፦ ኪራዩ በሳምንት 200 ዶላር፣ አልባሶ ደግሞ 100 ዶላር ነው እንበል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደንበኞች ለኪራይ ሄዱ። በዓቢይ ጾም ሰርግ የለም፤ ኪራዩ ግን አይጾምም።
ቤት ለቤት፦ ወጪው ቤንዚንና ጊዜ ነው። ለአንድ ሰው ብለሽ አንድ ሰዓት ከነዳሽ አያዋጣም። ለመልስ ሙሽራዋንና ሚዜዎቿን አንድ ቤት ካገኘሽ ግን ቀንሽ ሞላ።

ደንበኛ
ወንበር፦ መንገደኛም ይገባል፤ እሱ ግን አልባሶን አያውቀውም፣ ፎቶ ለጥፊ።
ቤት ለቤት፦ ደንበኛ የሚልኩልሽ የሐበሻ ቀሚስ ሻጮችና የሰርግ ፎቶ አንሺዎች ናቸው። ቀብድ ሳትቀበዪ ቅዳሜሽን አትስጪ፤ እኔ ሁለቴ ተቃጥያለሁ።

በየሳምንቱ የሚመላለስ ደንበኛ ላላት ወንበሩ ይሻላል። ሌላ ሥራ ይዛ ቅዳሜና እሁድን ብቻ ለምትሠራ ቤት ለቤቱ።