ፈቃድ ሲራዘምብዎት፦ ያንኑ ቀን መጠየቅ ወይስ አማራጭ ማቅረብ?

የ10 ቀን የዓመት ፈቃድ ጠይቀው «የሒሳብ መዝጊያ ስለሆነ ለጊዜው አይቻልም» ተባሉ እንበል። አቤቱታውን በሁለት መንገድ መጻፍ ይቻላል።

አንደኛው ያንኑ ቀን እንደገና መጠየቅ ነው። የሚያዋጣው ቀኑን እርስዎ መቀየር የማይችሉ ከሆነ ብቻ ነው፤ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ወይም ፈተና ሲሆን። ማስረጃውን ያያይዙ። «ደክሞኛል» እውነት ቢሆንም ለምን ያ ቀን እንደሆነ አያስረዳም።

ሁለተኛው ቀኑን ማሸጋሸግ ነው። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ይህኛው ይሻለኛል፤ አለቃ ቃሉን ሳያጥፍ እሺ ሊል ይችላላ! እንዲህ ይጻፋል፦

«ለፈቃድ ጥያቄዬ የተሰጠኝ መልስ ደርሶኛል። በመዝጊያው ሳምንት መገኘት እንዳለብኝም እረዳለሁ። ስለሆነም ከመዝጊያው በኋላ 5 ቀን፣ ቀሪው 5 ቀን ደግሞ በሚቀጥለው ወር እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በሌለሁበት ጊዜ የክፍያ ሰነዶቹን ባልደረባዬ ለመያዝ ተስማምታለች። ለርክክቡ እንዲመቸኝ እስከ ሐሙስ መልስ ቢሰጠኝ አመሰግናለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳይዘሏት። የመልስ ቀን ያልተጠየቀበት ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ባልደረባዎንም አስቀድመው ያነጋግሩ። ተጠርታ «እኔ የማውቀው ነገር የለም» ካለች አለቀ፣ ሁለተኛው ጥያቄም ውድቅ ነው።