ለጅማ ቤተሰብ የሚላከው መኪና፦ ሲጋል ወይስ አይዲ 4?

በዓረብ አገር አብረውኝ የሚሠሩ የጅማ ልጆች ለቤተሰብ የትኛውን መኪና ቢልኩ እንደሚሻል ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ መልሴን በጽሑፍ አስቀምጣለሁ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት በመከልከሉ ምርጫው በኤሌክትሪክ መኪኖች መካከል ሲሆን፣ አብዛኛው ሰው የሚያማርጠው ቢዋይዲ ሲጋልን እና ቻይና የተሠራውን ቮልስዋገን አይዲ 4 ነው። እኔ ሲጋልን እመርጣለሁ፤ ይህን የምለውም አይዲ 4 ገዝቼ ከተታለልሁ በኋላ ነው።

ከዋጋው እንጀምር። ሲጋል እ.ኤ.አ. በ2024 ቻይና ውስጥ መነሻ ዋጋው 69,800 ዩዋን ነበር፤ አዲስ አይዲ 4 የዚህን እጥፍ ያህል ያስወጣ ነበር። ቀረጡ የሚሰላው በመኪናው ዋጋ፣ በመርከብ ማጓጓዣውና በኢንሹራንሱ ድምር ላይ ስለሆነ ልዩነቱ ጉምሩክ ላይ ይበልጥ ይሰፋል። ያገለገለ አይዲ 4 ግን ረከስ ብሎ ስለሚገኝ ያጓጓል፤ እኔንም የጠለፈኝ ይኸው ነው።

ሻጩ «ባለ ትልቁ ባትሪ ነው፣ እስከ 600 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ብሎ የሚያምሩ ፎቶዎች ላከልኝ። መኪናው ጅማ ገብቶ ወንድሜ ባትሪውን እስከ መቶ ከሞላው በኋላ ግን ዳሽቦርዱ 390 አሳየ። ባለ ትልቁና ባለ ትንሹ ባትሪ አይዲ 4 ከውጭ ሲታዩ አንድ ስለሆኑ ፎቶ አይለያቸውም፤ የሚለያቸው የሻንሲ ቁጥሩ የተጻፈበት ሰሌዳ ላይ ያለው የባትሪ ቮልትና አምፔር ሰዓት ነው። ለምሳሌ 350 ቮልት በ160 አምፔር ሰዓት ቢባዛ 56,000 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 56 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይህ ትንሹ ባትሪ ነው፣ ትልቁ ከ80 ያልፋል።

ስለዚህ ሻጩ የዕለቱን ቀን በቃሉ እየተናገረ፣ ሳያቋርጥ ከሰሌዳው እስከ ዳሽቦርዱ የቀረጸው ቪዲዮ ሳይደርሳችሁ ካፓራ አትክፈሉ። ቀሪውንም የመርከብ ጭነት ሰነዱ በሆነው ቢል ኦፍ ሎዲንግ ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ከሰሌዳው ጋር መመሳሰሉን ሳታዩ፣ የሰነዱንም ቁጥር ራሳችሁ በመርከብ ድርጅቱ ድረ ገጽ ሳታረጋግጡ አትልቀቁ፤ ሻጩ የሚልከው ሊንክ ማረጋገጫ አይሆንም።

ከቤት ሶኬት በ10 አምፔር ሲሞላ የሲጋል 30 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ 14 ሰዓት ገደማ ሲፈጅ፣ ትልቁ አይዲ 4 ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ይፈልጋል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ገመዱንም ከመኪናው ጋር የመጣውን ተጠቀሙ፤ እኛ ለቁጠባ ብለን የገዛነው አስመስሎ የተሠራ ገመድ በሦስተኛው ሌሊት ሶኬቱን አቅልጦ ግድግዳውን አጥቁሮታል።

ሲጋል ጅማ ውስጥ ከመርካቶ እስከ ጅሬን ለመመላለስ ይበቃል። ነገር ግን አራት ሰው ብቻ ስለሚይዝ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀውን የአዲስ አበባ መንገድም ከነጊቤ ዳገቱ በአንድ ቻርጅ ስለማይዘልቅ፣ ቤተሰቡ አምስት ከሆነ ወይም አዲስ አበባ የሚያዘወትር ከሆነ ሰሌዳው በቪዲዮ የታየ ባለ ትልቅ ባትሪ አይዲ 4 ይግዛ።