ኔትፍሊክስን 8 ወር ማየት ከተሳነው ወንድሜና ጆሮው ከደከመ አባቴ ጋር ስናይ

እኛ ቤት ፊልም ማለት ጎንደር ፒያሳ ካለች አንዲት ሱቅ በፍላሽ የሚጫን ነበር። ወንድሜ በግላኮማ አይኑን ካጣ በኋላ አጠገቡ ቁጭ ብዬ "በሩን ከፈተ፣ አሁን ሽጉጥ አወጣ" እያልኩ ነበር የማሳየው፣ ግን እኔ ሳወራ ተዋናዮቹ የሚሉት ያመልጠዋል። አባዬ ደግሞ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር፣ ያነባል፣ ግን መስማት ይቸግረዋል።

አሁን ኔትፍሊክስ ማየት ከጀመርን 8 ወር ሆነን። ለወንድሜ የምከፍትለት `English - Audio Description` የሚለውን ድምፅ ነው፣ በንግግር መሃል ባለው ክፍተት አንድ ተራኪ ማን ምን እያደረገ እንደሆነ ይናገራል። ለአባዬ `English (CC)` የሚለውን ከስር የሚታይ ጽሑፍ እመርጣለሁ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ይሰራሉ።

መጀመሪያ ላይ ግን ብዙ ተቸገርኩ። ወንድሜ ዴርዴቪል የሚባለውን ተከታታይ ፊልም ፈለገ፣ ጀግናው ማየት የተሳነው ስለሆነ። ኔትፍሊክስ ትረካ የጀመረውም በሱ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ማየት የተሳናቸው ሰዎች ጠይቀው። ብፈልግ ብፈልግ የለም፣ ለካ በ2022 ከኔትፍሊክስ ወጥቷል። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ፦ ፊልም ከአንዱ አቅራቢ ወደ ሌላው ሲሄድ ትረካው አብሮት ላይሄድ ይችላል። ኔትፍሊክስ ራሱ የሚሰራቸው ላይ አብዛኛውን ጊዜ አለ፣ ከሌላ የገዛቸው ላይ ግን አንዱ አለው አንዱ የለውም።

ስለዚህ አሁን በስም እየፈለግኩ አልደክምም፣ ቀጥታ `netflix.com/browse/audio-description` እገባለሁ፣ ትረካ ያላቸውን ሰብስቦ ያመጣልኛል። ከኔትፍሊክስ ውጪ ያለውን ለማየት የአሜሪካ ዓይነ ስውራን ምክር ቤት የያዘው `adp.acb.org` አለ፣ የትኛው ፊልም የት ላይ ትረካ እንዳለው ይዘረዝራል። ለጉዞ ካወረድኩ ደግሞ ኔቱን ዘግቼ ትረካው ምርጫው ውስጥ መኖሩን ሳላይ ከቤት አልወጣም።

የአባዬን ጽሑፍ የምፈትነው ማንም የማይናገርበት ቦታ ላይ ነው። ስልክ ሲጠራ ወይ በር ሲንኳኳ በቅንፍ ከተጻፈ ልክ ነው፣ ንግግር ብቻ ከሆነ የሚጽፈው ለሚሰማ ሰው የተሰራ ነው ማለት ነው፣ አባዬ "ለምን ደነገጠች?" ብሎ የሚጠይቀኝ ያኔ ነው።

ትልቁ ጉድለት ቋንቋው ነው። በአማርኛ የተተረከ እስካሁን አላገኘሁም፣ እናቴ እንግሊዝኛ ስለማትችል ወንድሜ የሰማውን ለሷ ይተረጉምላታል፣ ፍጥነት ባለው ድብድብ ላይ ደግሞ ተራኪውም ቦታ ያጣና ብዙ ነገር ይዘላል።

ፍላሹንም አልተውነውም። ያመጣሁትን በቪኤልሲ ከፍቼ `Audio` ከዛ `Audio Track` ውስጥ ስንት ድምፅ እንዳለ አያለሁ፣ አንድ ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ትረካ የለውም ማለት ነው፣ የዛን ቀን እንደድሮው አጠገቡ ቁጭ ብዬ እኔው እተርክለታለሁ።