የውሻችሁን ፎቶ ሥዕል ለማስደረግ፦ አፕ፣ «በእጅ የተሣለ» ካንቫስ ወይስ ዲጂታል ሠዓሊ?

«የውሻዬን ፎቶ ሥዕል ላስደርገው ፈልጌ ነበር፤ የቱ ይሻላል?» ይህን ጥያቄ ጓደኞቼ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ምርጫዬን ከወዲሁ ልናገር። እንስሳችሁ ቦቃ፣ ቡሬ ወይም ዥጉርጉር ከሆነ ገንዘባችሁን ለዲጂታል ሠዓሊ ስጡ። ፎቶውን አይቶ በእጁ ለሚሥል ሰው ማለቴ ነው። ሰውነቱ ባለ አንድ ቀለም ከሆነና ሥዕሉን የምትፈልጉት ለስልካችሁ ስክሪን ብቻ ከሆነ አፕ ይበቃችኋል። በኢንተርኔት «በእጅ የተሣለ» ተብሎ የሚሸጠውን ርካሽ ካንቫስ ግን ለማንም አልመክርም።

ልዩነቱን በአንዲት ጓደኛዬ ውሻ ላሳያችሁ። ውሻው ጥቁር ነው። ከግንባሩ የሚወርደው ነጭ ቦቃ አፍንጫው ጋ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል። ግራ ዓይኑ ሰማያዊ፣ ቀኝ ዓይኑ ቡናማ ነው። ቀኝ ጆሮው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ግራው ከመሃሉ ይወድቃል። ሲቀመጥ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን ወደ ጎን ጥሎ በአንድ ዳሌው ነው የሚያርፈው። የሚያውቀው ሰው ከሩቅ በጥላው ብቻ ይለየዋል።

ፎቶውን አንድ የታወቀ አፕ ውስጥ አስገባችው። በወጣው ሥዕል ሁለቱም ጆሮዎች ቆመዋል። ቦቃው መሃል ለመሃል ቀጥ ብሎ ወርዷል። ሁለቱም ዓይኖች ቡናማ ሆነዋል። አቀማመጡም እንደ ማንኛውም ውሻ ፊት ለፊት ሆኗል። ደጋግማ ሞከረች፤ በእያንዳንዱ ሙከራ ሌላ ውሻ ነው የወጣላት።

ይህ የዚያ አፕ ብቻ ችግር አይደለም። ብዙዎቹ አፖች የሚሠሩበት መንገድ የሚያመጣው ነው። አፑ መጀመሪያ ፎቶውን በተዘበራረቀ ነጠብጣብ ይሸፍነዋል። ከዚያ ነጠብጣቡን ደረጃ በደረጃ እያጠራ ሥዕል ያወጣል። ሲያጠራ የተሸፈነውን የሚሞላው ከዚህ በፊት ካያቸው እጅግ ብዙ የውሻ ምስሎች በተማረው ነው። ብዙ ውሾች ደግሞ ሁለት ዓይናቸው አንድ ቀለም ነው፤ ቦቃቸውም መሃል ላይ ነው። ስለዚህ የእናንተን ውሻ ልዩ የሚያደርገውን ነገር እንደ ስህተት ቆጥሮ «ያስተካክለዋል»።

ነጠብጣቡ ምን ያህል እንደሚሸፍን የሚወስን መቆጣጠሪያ አለ። በአንዳንድ ፕሮግራሞች `Denoising strength` ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ከ0 እስከ 1 ይሄዳል። 0.3 አካባቢ ካደረጋችሁት ቦቃው ከቦታው አይነቃነቅም፤ ግን ምስሉ ፎቶ እንደሆነ ይቀራል። ወደ 0.7 ስትወስዱት የሥዕል መልኩ ያምራል፤ ምልክቶቹ ግን እንደ አዲስ ይፈጠራሉ። መጀመሪያ የሚጠፉት ትናንሾቹ ናቸው፦ በደረት ላይ ያለች ነጭ ነጥብ፣ አንድ እግር ላይ ብቻ ያለ ነጭ «ካልሲ»። ከ0.4 እስከ 0.5 ባለው መሃል ትንሽ ዕድል አለ። ርካሾቹ አፖች ግን መቆጣጠሪያውን ጭራሽ አያሳዩአችሁም። የተዘጋጀ ስታይል ትነካላችሁ፣ የወጣውን ትቀበላላችሁ።

ዓይን ላይ ሌላ ችግር ይጨመራል። ስቴብል ዲፊውዥን የሚባለው ምስል የሚፈጥር ፕሮግራምና መሰሎቹ ምስሉን ወርዱንም ቁመቱንም በ8 አሳንሰው ነው የሚሠሩበት። ውሻው ሙሉ አካሉ በሚታይበት ፎቶ ላይ አንዱ ዓይን 24 ፒክስል ያህል ስፋት አለው እንበል። ለ8 ሲካፈል 3 ነጥብ ብቻ ይቀራል። በ3 ነጥብ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም፣ ጥቁር ብሌንና የብርሃን ነጸብራቅ አንድ ላይ ሊቀመጡ አይችሉም። ስለዚህ አፑ ዓይኑን ከራሱ ያመጣል። ከፊቱ ላይ አቅርባችሁ የተነሣ ፎቶ ብትሰጡት ዓይኑ ይድናል፤ ያን ጊዜ ግን አቀማመጡ ከፎቶው ውጭ ሆነ። ጓደኛዬ ሁለቱንም ነበር የምትፈልገው። አንድ ፎቶ ብቻ በሚቀበል አፕ ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት በጣም ከባድ ነው።

ኮምፒውተር ላይ ራሳቸው መሥራት ለሚወዱ ኮንትሮልኔት የሚባል መሣሪያ አለ፤ በ2023 ነው የወጣው። የፎቶውን መስመር ወይም ጥልቀት፣ ማለትም የቱ ቅርብ የቱ ሩቅ እንደሆነ፣ ወስዶ አቀማመጡን ይይዝላችኋል። በጎን መቀመጡም፣ የወደቀው ጆሮም ይድናሉ። ስለ ቀለም ግን የሚያውቀው ነገር የለም። ጥልቀቱን ብቻ ከሰጣችሁት ጥቁሩ ውሻ ቡናማ ሆኖ በትክክል ያንኑ አቀማመጥ ተቀምጦ ሊወጣ ይችላል። ዓይኑንና ቦቃውን ለብቻ መርጣችሁ ማስተካከል ይቀራችኋል፤ ትዕግሥት ላለው ሰው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ፤ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። የአፕን ዋጋ በአንድ ምስል አታስሉት። በአንድ የምትቀበሉት ምስል አስሉት። ብዙዎቹ በሳምንት ወይም በወር ያስከፍላሉ፤ ነጻ ሙከራው ሲያልቅ ክፍያው ራሱ ይቀጥላል። አንዳንዶቹ ነጥብ ይሸጣሉ፤ እያንዳንዱ ሙከራ ነጥብ ይበላል፣ ያልወደዳችሁትም ጭምር። ያለ አፑ ምልክት ለማውረድና በትልቅ መጠን ለማግኘት ብዙ ጊዜ ሌላ ክፍያ አለ። ጓደኛዬ ሠዓሊ ስትጠይቅ የተጠራላት ዋጋ የአፑ የወር ክፍያ አሥር እጥፍ ያህል ነበርና ደንግጣ ተወችው። አፑ ላይ ግን ክፍያውን ሳታቋርጥ ወራት አለፉ፤ ነጥብም ደጋግማ ገዛች። ተደምሮ ሲታይ የሠዓሊውን ዋጋ ከግማሽ በላይ ከፍላ በእጇ የሚሰቀል ሥዕል የለም።

ማሳተም ከፈለጋችሁ ደግሞ መጠኑን ተመልከቱ። ብዙ አፕ የሚሰጠው 1024 በ1024 ፒክስል ነው። ይህን 30 ሴንቲሜትር ስፋት ላይ ስታሳትሙት በአንድ ኢንች 87 ፒክስል ገደማ ይደርሳል። ከቅርብ ለሚታይ ጥሩ ኅትመት የተለመደው 300 ነው። «አሳድግ» የሚለው ቁልፍ ፒክስል ይጨምራል፤ የሚጨምረው ፀጉር ግን የውሻችሁ ፀጉር አይደለም፣ የተፈጠረ ነው። ዥጉርጉር እንስሳ ላይ ይህ ወዲያው ያስታውቃል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው «በእጅ የተሣለ የዘይት ቀለም» እየተባለ በርካሽ የሚሸጠው ካንቫስ ነው። የዘይት ሥዕል በንብርብር ይሠራል፣ ለመድረቅም ጊዜ ይፈልጋል። በጥቂት ቀናት ደረቅ ሆኖ እጃችሁ የሚገባ፣ ዋጋውም ከፍሬም ብዙም ያልራቀ ከሆነ ጠርጥሩ። አንድ ዘመዴ የገዛውን ከፍሬሙ አውጥቼ አይቼዋለሁ። ፎቶው በፊልተር አልፎ ታትሟል፤ ላዩ ላይ ደግሞ ቀለም የሌለው ወፍራም ጄል በብሩሽ ተቀብቶበታል። የድመቷ ፊት የንጉሥ ካባ በለበሰ የተዘጋጀ ገላ ላይ ተለጥፏል። እዚህ ላይ አቀማመጥ የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም የለም።

ማወቂያው ቀላል ነው። ካንቫሱን ከጎን ብርሃን አብሩበትና የብሩሹን ጉብታ በዓይናችሁ ተከተሉ። በእውነተኛ ሥዕል ጉብታው ከቀለሙ ጋር ይሄዳል፤ ቦቃው በሚያልቅበት የብሩሹም ምት ያልቃል። በጄሉ ላይ ግን ጉብታው ቦቃውን፣ ዓይኑንና ከጀርባ ያለውን ግድግዳ ዝም ብሎ አቋርጦ ያልፋል። አጉሊ መነጽር ካላችሁ ከጄሉ ሥር የኅትመቱን ጥቃቅን ነጠብጣብ ታያላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ የሻጩን የናሙና ምስሎች በምስል ፍለጋ ፈልጓቸው። ያው ሥዕል በሌላ ስም ሌሎች ሱቆች ላይ ከተገኘ ተዉት።

ሠዓሊው የሚበልጠው በችሎታው ብቻ አይደለም። አንዱን ፎቶ ለአቀማመጥ፣ ሌላውን ለዓይን፣ ሦስተኛውን ለደረቱ ነጭ ነጥብ ወስዶ በአንድ ሥዕል ላይ ያዋህዳቸዋል። ቦቃው ወደ ግራ እንደሚታጠፍ ስትነግሩት ይሰማል። ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ተስማሙ። አንደኛ፣ ቀለም ከመግባቱ በፊት የመስመር ንድፉን እንዲያሳያችሁ፤ የአቀማመጥ ስህተት በዚያ ሰዓት በደቂቃዎች ይታረማል። ሁለተኛ፣ እርማት ስንት ጊዜ በዋጋው ውስጥ እንዳለና ከዚያ በላይ ስንት እንደሚያስከፍል። ሦስተኛ፣ የመጨረሻው ፋይል በፒክስል ስንት እንደሆነ። 30 በ40 ሴንቲሜትር ለማሳተም 3543 በ4724 ያስፈልጋችኋል። ሥራው በአፕ እንዳልተሠራ ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ በመሃል ያለውን ሌየር በሌየር፣ ማለትም በንብርብር ተለያይቶ፣ የተቀመጠ ፋይል ወይም የሥራውን ቅጂ ቪዲዮ ጠይቁ። በእጁ የሚሠራ ሰው ይህን ለማሳየት አይቸገርም።

ሠዓሊውም ቢሆን ከፎቶው በላይ አያውቅምና ፎቶው ላይ ጊዜ ስጡ። ፍላሽ አትጠቀሙ። በውሻና በድመት ዓይን ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ንብርብር ስላለ ፍላሽ ዓይኑን አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ያደርገዋል። በጨለማ ደግሞ ብሌኑ ስለሚሰፋ ቀለሙ ይሸፈናል። ጠዋት ወይም ከሰዓት በመስኮት አጠገብ፣ ብርሃኑ ከጎን እየመጣ አንሡ። በአንዱ ፎቶ ላይ ነጭ ወረቀት ከእንስሳው አጠገብ አስቀምጡ፤ ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ከወጣ ሠዓሊው የዓይኑንም ቀለም በዚያው ልክ ያርመዋል። ካሜራውን በእንስሳው ዓይን ከፍታ ዝቅ አድርጉ። በጣም ሳትጠጉ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ዙም አድርጉ፤ ከቅርብ ከተነሣ አፍንጫው ይገዝፋል። በፊት ለፊት ካሜራ የተነሣ ፎቶ አትላኩ። አንዳንድ ስልኮች ግራና ቀኙን ያገላብጡታል፤ ሰማያዊው ዓይን ወደ ቀኝ ይሄዳል ማለት ነው። ስትልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ የመልእክት አፖች ፎቶን ሲያሳንሱ መጀመሪያ የሚጠፋው የፀጉሩ ዝርዝር ነው።

ቀሪውን ክፍያ ከመላካችሁ በፊት የተጠናቀቀውን ሥዕል ለአቀማመጥ ከሰጣችሁት ፎቶ በላይ አድርጉትና ግልጽነቱን 50 በመቶ ላይ አውርዱት፤ ሌየር ያለው ማንኛውም የፎቶ ማስተካከያ ይህን ይሠራል። የቦቃው ጠርዝ፣ የጆሮው ማጠፊያና የእግሮቹ አጣጣል ከተገጣጠሙ ተቀበሉት። የቦቃው ጠርዝ ድርብ ሆኖ ከታየ በዚያው ምስል ላይ በቀይ ክበቡበትና መልሳችሁ ላኩለት።