ጀሪካን ውሃ ከጭነቴ ላይ ያወረደልኝ ሰው

ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ ሁለት ሳምንት አስቤበታለሁ። ዛሬ ገዢዬ ፎቶ ሲልክልኝ ግን አላስቻለኝም። ወደ ውጭ ዕቃ የምትልኩ ሁሉ አንብቡልኝ።

የቆዳ ቦርሳ ነው የምሠራው። የመጀመሪያውን ኮንቴይነር ያሸገልኝን ድርጅት ስም አልጠራም፣ እግዜር ይይለት። አርባ ቀን ባህር ላይ ቆይቶ ሲከፈት የደረሰኝን ፎቶ እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ አለ። ከሥር ያሉት ካርቶኖች ማዕዘናቸው ተጨፍልቆ እንደ አኮርዲዮን ታጥፈዋል። የቦርሳዎቹ ማንገቻ ላይ ነጭና አረንጓዴ ሻጋታ በቅሏል። ስደውልላቸው «ባህር ነው፣ ምን ይደረግ» አሉኝ። እኔም የባህር ውሃ የገባ መስሎኝ ነበር። ገዢው ግን ኮንቴይነሩን ከውስጥ ሆኖ በሩን ዘግቶ አይቶታል፤ ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ የለውም።

አንድ ወዳጄ «እስቲ ይሄን ዕቃ አሻጊ ልጅ አነጋግሪው» ብላ ስልኩን ሰጠችኝ። መጥቶ ፎቶዎቹን አየ። «እህቴ፣ ውሃው ከውጭ አልገባም፣ አብሮ ነው የተጫነው» አለኝ። ሳቅኩኝ። እሱ አልሳቀም።

እንዳስረዳኝ ከሆነ እርጥብ የፓሌት እንጨት ቀን ኮንቴይነሩ ሲግል ውሃውን ይተነፍሳል። ማታ ጣሪያው ሲቀዘቅዝ ያ እንፋሎት ጣሪያው ላይ ጤዛ ይሆንና ካርቶኑ ላይ ይንጠባጠባል። በውስጥ የሚዘንብ ዝናብ በሉት። እርጥበት የጠጣ ካርቶን ደግሞ ይልፈሰፈሳል፣ የላዩን ሸክም አይችልም። ሻጋታውና ጭፍለቃው ለካ ወንድማማች ናቸው።

ከዚያ ሜትር አውጥቶ ካርቶኔን ለካ። 42 በ52 ሳንቲሜትር። ፓሌቱ 100 በ120 ነው። በአንድ ረድፍ ስድስት ሲደረደር በአንድ በኩል 6፣ በሌላው 4 ሳንቲሜትር ይተርፋል። ማዕዘኖቹ አየር ላይ ተንጠልጥለዋል ማለት ነው። «የካርቶን ጉልበቱ ማዕዘኑ ነው» አለኝ። ቀጣዩን 39 በ49 አሳዘዘኝ፤ ሲሞላ ስለሚያብጥ አንድ አንድ ሳንቲሜትር ቀነሰለት። እነዚያኞቹ «እንዳይንሸራተት» ብለው እንደ ጡብ አጠላልፈው ነበር የደረደሩት። እሱ ማዕዘን በማዕዘን ላይ፣ ቀጥ አድርጎ ደረደረው። መንሸራተቱን በወፍራም የካርቶን ማዕዘንና በማሰሪያ ያዘው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የጭነት ቀን መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ ሹፌሩ ይጮሃል። እሱ ጎንበስ ብሎ ሁለት ሹል መርፌ ያለው ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ፓሌቱ ላይ ሰካ። 30 በመቶ አሳየ። ሌላው ላይ 31። «አልጭንም» አለ።

እኔ ደነገጥኩ። ፓሌቶቹን የገዛኋቸው እኔ ነኝ፣ የሙቀት ሕክምና ማህተም አላቸው። ማህተሙ እውነተኛ ነው። ግን እሱ እንዳለው ማህተሙ እንጨቱ ውስጥ ድረስ 56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ መሞቁን ይናገራል። ተባይ ሞቷል ማለት ነው እንጂ እንጨቱ ደርቋል ማለት አይደለም። እሱ ከ18 በመቶ በላይ አይጭንም። ቁጭ ብሎ አሰላልኝ፦ በእያንዳንዱ ፓሌት ወደ ሁለት ሊትር የሚጠጋ ትርፍ ውሃ አለ። አሥር ፓሌት ነው። አንድ ሙሉ ጀሪካን ውሃ ከቦርሳዎቼ ጋር ልቆልፍ ነበር!

እርጥበት የሚመጠውን ከረጢት ጨምረን እንላከው ብዬ ለመንኩት። ከረጢቱን ለማንኛውም ሰቅሎታል፣ ግን «እርጥብ እንጨት አይሸፍንም» አለኝ። ሹፌሩን ራሱ አነጋግሮ አስታገሠልኝ። ከራሱ መጋዘን ማህተም ያለው ደረቅ ፓሌት አስመጣ። ከሁለት ልጆች ጋር እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ካርቶኑን አንድ በአንድ በእጁ አዛወረ። ከሥር ላስቲክ፣ ከላይ ደግሞ ጠብታ የሚቀበል ክዳን አደረገ። ለዛ ሌሊት ሥራ ሳንቲም አልጠየቀኝም። ግድ ብዬ ስሰጠው የልጆቹን ብቻ ተቀበለ።

ዛሬ ፎቶው ደረሰኝ። ካርቶኖቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ሁለቱ ብቻ ጎናቸው ተፍቋል፣ ውስጣቸው ደህና ነው። ክዳኑ ላይ ትንሽ የጠብታ ምልክት አለ፣ ከሱ በታች አልወረደም። ቦርሳውን ስታሸተው የቆዳ ሽታ ነው ያለው ብሎ ጻፈልኝ። አለቀስኩ፣ አልዋሽም።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ እጅህ ይባረክ። ዕቃ የምትልኩ፣ እባካችሁ ይህን ልጅ አሠሩት፣ ደግሜ እላለሁ አሠሩት። ስልኩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ስትደውሉለት የካርቶናችሁን ልክ በእጃችሁ ያዙ፤ ሰላም እንኳ ሳይላችሁ እሱን ነው የሚጠይቀው።